ምሰሶውን ሁለት ሽቦዎች በማዕዘን ሲስቡት፦ የውጤት ኃይሉ አቅጣጫ ለምን ተገለበጠ?

ጥያቄ፦ በቴክኒክና ሙያ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነኝ። በመታጠፊያ ላይ የቆመ ምሰሶ አለ። አንዱ ሽቦ ወደ ምሥራቅ በ600 ኒውተን ይስበዋል፤ ሌላው ከምሥራቅ ተነስቶ በሰሜን በኩል ሲለካ በ140 ዲግሪ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ በ1600 ኒውተን ይስበዋል። የሁለቱን ድምር 1204 ኒውተን አገኘሁ፣ ልክ ነው ተባልኩ። አቅጣጫውን ግን ካልኩሌተሩ -58.7 ዲግሪ ስላለኝ ስቴዩን፣ ማለትም ደጋፊውን ገመድ፣ በተቃራኒው በ121.3 ዲግሪ ላይ አደረግኩት። መምህራችን «ምሰሶውን ጥለኸዋል» ብለው ሳቁ። ቁጥሮቹ ልክ ከሆኑ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? በዚያውም ኮምፖነንት የሚባለውን ነገር ከመሠረቱ ብታስረዱኝ።

መልስ፦

መምህርዎ ትክክል ናቸው፤ እርስዎም የሳቱት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። የሁለቱን ኃይሎች ኮምፖነንቶች አውጥተው፣ ደምረው፣ መጠኑንም አስልተው እስከ መጨረሻው እርምጃ ድረስ ያለ ስህተት ደርሰዋል። ስህተቱ የገባው ሁለቱን ድምሮች አንዱን ለሌላው አካፍለው ማዕዘኑን ከካልኩሌተሩ ሲጠይቁ ነው። ይህ ስህተት መልሱን በጥቂቱ የሚያዛባ አይደለም፤ በ180 ዲግሪ ያዞረዋል። ስለዚህ ደጋፊው ገመድ ከምሰሶው በስተጀርባ መሆን ሲገባው ከፊት ለፊቱ ተተከለ። ከመሠረቱ እንዲብራራ ስለ ጠየቁ በዚያው ምሰሶ እጀምራለሁ፤ ወደ ስህተቱም በቅደም ተከተል እንደርሳለን።

ኃይል መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ያለው ነገር በመሆኑ ሁለት ኃይሎችን እንደ ብር ወይም እንደ ኪሎ መደመር አይቻልም። ሁለቱ ሽቦዎች ምሰሶውን ወደ አንድ አቅጣጫ ቢስቡት ድምሩ 2200 ኒውተን፣ ፊት ለፊት ተቃርነው ቢስቡት ደግሞ 1000 ኒውተን ይሆን ነበር። በመካከላቸው ማንኛውም ማዕዘን ሲኖር መልሱ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይወድቃል፤ ማዕዘኑ ወደ 180 ዲግሪ በቀረበ ቁጥርም ወደ ታችኛው ቁጥር ይጠጋል። የእርስዎ ማዕዘን 140 ዲግሪ ስለሆነ 1204 የሚለው መልስ ገና ሳይመረመር የሚታመን ይመስላል። እኔ የተማሪ ወረቀት ሳርም መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ 2500 ወይም 700 የሚል መልስ ካየሁ ቀሪውን ስሌት ማንበብ አያስፈልገኝም።

የኮምፖነንት ሐሳብ እንዲህ ነው። በ140 ዲግሪ አቅጣጫ የሚስበውን አንድ ሽቦ አውልቀን በምትኩ ሁለት ሽቦዎች ብናስር፣ አንዱ በቀጥታ ወደ ምዕራብ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ሰሜን ቢስብ፣ መጠናቸውንም በልክ ብንመርጥላቸው፣ ምሰሶው ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። እነዚያ ሁለት ምትክ ኃይሎች የመጀመሪያው ኃይል ኮምፖነንቶች ይባላሉ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ ሁሉንም ኃይሎች በዚህ መንገድ ወደ ምሥራቅ–ምዕራብ እና ወደ ሰሜን–ደቡብ ከከፈልናቸው በኋላ በአንድ መስመር ላይ የሚውሉትን እንደ ተራ ቁጥር መደመርና መቀነስ እንችላለን። በጎናቸው ትይዩ በሆነ አራት ማዕዘን ሥዕል ሁለት ኃይሎችን የመደመሩን ሕግ ኒውተንና ፈረንሳዊው ቫሪኞን እ.ኤ.አ. በ1687 በየፊናቸው አሳትመውታል፤ የኮምፖነንት ዘዴ ያንኑ ሥዕል በቁጥር የሚሠራ መንገድ ነው እንጂ ሌላ ሕግ አይደለም። ስለዚህ ስሌቱ ከሥዕሉ ጋር ከተጣላ ሁልጊዜ የሚታረመው ስሌቱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። የ x ዘንግ ወደ ምሥራቅ፣ የ y ዘንግ ወደ ሰሜን ይሁን፤ ማዕዘኖችም ሁሉ ከምሥራቅ ተነስተው ከሰዓት ቆጣሪ እንቅስቃሴ በተቃራኒ ይለኩ። ይህ ስምምነት ከተጠበቀ የ x ኮምፖነንት የኃይሉ መጠን በማዕዘኑ ኮሳይን ሲባዛ፣ የ y ኮምፖነንት ደግሞ በሳይኑ ሲባዛ ይገኛል።

```
F1x = 600 cos 0°    =   600.0
F1y = 600 sin 0°    =     0.0
F2x = 1600 cos 140° = -1225.7
F2y = 1600 sin 140° =  1028.5
```

በሁለተኛው ኃይል x ላይ የመጣው የመቀነስ ምልክት ትርጉም አለው፤ ሽቦው ወደ ምዕራብ ይስባል ማለት ነው። ማዕዘኑን ከምሥራቅ ሙሉ በሙሉ ለክተው 140 ብለው ካስገቡ ካልኩሌተሩ ምልክቱን ራሱ ያመጣዋል። ብዙ ተማሪዎች ግን ከ140 ይልቅ ከምዕራብ ያለውን 40 ዲግሪ መውሰድ ይቀልላቸዋል። ይህም ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ የ40 ዲግሪ ኮሳይን አዎንታዊ ስለሆነ ምልክቱን በእጃቸው መጨመር ይኖርባቸዋል። እሱ ከተረሳ ወደ ምዕራብ የሚስበው ሽቦ ወደ ምሥራቅ ይዞርና መልሱ ወደ 2095 ኒውተን ያብጣል። ማዕዘኑ ከሰሜን ተለክቶ «ከሰሜን ወደ ምዕራብ 50 ዲግሪ» ተብሎ የተሰጠ እንደሆነም «x ሁልጊዜ ኮሳይን ነው» የሚለው የቃል ጥናት አይሠራም፤ በዚያ ጊዜ x በሳይን፣ y በኮሳይን ይወጣል። ኮሳይን የሚሰጠው ማዕዘኑ ከተለካበት ዘንግ አጠገብ ያለውን ኮምፖነንት ነው፤ ዘንጉ ስሙ x ይሁን y ለእሱ ለውጥ የለውም።

ቀጥሎ በየመስመሩ እንደምራለን፤ R የሁለቱ ድምር፣ ማለትም ውጤት ኃይሉ ነው።

```
Rx = 600.0 - 1225.7 = -625.7
Ry = 0.0 + 1028.5   = 1028.5
R  = √(625.7² + 1028.5²) ≈ 1204
```

እስከዚህ ድረስ የእርስዎ ወረቀትና የእኔ ወረቀት አንድ ናቸው። ሁለቱን ምልክቶች ግን ልብ ይበሉ፤ Rx አሉታዊ፣ Ry አዎንታዊ ነው። ይህ ማለት የሁለቱ ሽቦዎች የጋራ ስበት ወደ ምዕራብ 625.7፣ ወደ ሰሜን 1028.5 ኒውተን ነው፤ ምሰሶው ወደ ሰሜን ምዕራብ እየተጎተተ ነው። ይህን ለማወቅ ገና ምንም ማዕዘን አላሰላንም። በዚህ ቦታ ላይ ቆም ብሎ በወረቀቱ ጠርዝ አንዲት ቀስት ወደ ላይና ወደ ግራ መሣል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እርስዎ ያችን ቀስት ሥለው ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ስህተት ባላመለጠዎት ነበር።

እርስዎ የሠሩት Ry ለ Rx አካፍለው የታንጀንቱን ግልባጭ መጠየቅ ነው። 1028.5 ለ -625.7 ሲካፈል -1.644 ይሆናል፤ ካልኩሌተሩም -58.7 ይላል። ችግሩ በማካፈሉ ላይ አንድ መረጃ መጥፋቱ ነው። -1.644 የሚለውን ቁጥር አዎንታዊ y ለአሉታዊ x ሲካፈልም እናገኘዋለን፣ አሉታዊ y ለአዎንታዊ x ሲካፈልም እናገኘዋለን። የመጀመሪያው ሰሜን ምዕራብ፣ ሁለተኛው ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ሁለቱ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው፣ ውጤታቸው ግን አንድ ቁጥር ነው። ካልኩሌተሩ የሚያየው ይህን አንድ ቁጥር ብቻ እንጂ ሁለቱን ድምሮች አይደለም፤ የመቀነስ ምልክቱ ከላይ ይምጣ ከታች የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በመሆኑም የታንጀንት ግልባጭ ሁልጊዜ መልሱን ከ -90 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ፣ ማለትም በምሥራቁ ግማሽ ውስጥ እንዲሰጥ ተደርጎ ተሠርቷል። ውጤት ኃይሉ በእውነት በምሥራቁ ግማሽ ውስጥ ሲሆን መልሱ ትክክል ይሆናል፤ በምዕራቡ ግማሽ ሲሆን ግን ሁልጊዜ ተገልብጦ ይመጣል። ተማሪዎች «ካልኩሌተሩ አንዳንዴ ይሳሳታል» የሚሉት ለዚህ ነው። የሚሳሳተው አንዳንዴ ሳይሆን Rx አሉታዊ በሆነ ጊዜ ሁሉ ነው።

ማረሚያውም ከዚሁ ይወጣል። Rx አዎንታዊ ከሆነ የካልኩሌተሩን መልስ እንዳለ ይቀበሉት፤ Rx አሉታዊ ከሆነ 180 ይጨምሩበት። በእርስዎ ምሳሌ -58.7 ሲደመር 180 የሚሆነው 121.3 ዲግሪ ነው። የሽቦዎቹ ውጤት ኃይል የሚያመለክተው ወደዚያ ነው፤ ደጋፊው ገመድ ደግሞ ከዚያ ተቃራኒ፣ በ301.3 ዲግሪ ላይ መሆን አለበት። 301.3 ላይ 360 ሲቀነስ -58.7 ስለሚሆን ካልኩሌተሩ ሳያውቀው የነገረዎት የደጋፊውን ገመድ ቦታ ነበር። መልሱን ሳይገለብጡ ቢቀበሉት ኖሮ በሁለት ስህተት ትክክለኛው ቦታ ላይ ይደርሱ ነበር፤ መምህርዎም ምናልባት ሙሉ ነጥብ ይሰጡዎት ነበር። ባለመድረስዎ አይዘኑ፤ በሚቀጥለው ምሰሶ Rx አዎንታዊ ሆኖ ሲመጣ ያ ዕድል ይገለበጥብዎት ነበር።

ይህን ስህተት ያለ ምንም ስሌት የሚይዝ ሌላ ማረጋገጫም አለ። ሁለት ኃይሎች ሲደመሩ ውጤታቸው ሁልጊዜ በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ውስጥ ይውላል፣ ወደ ትልቁም ኃይል ያዘነብላል። የእርስዎ ሽቦዎች በ0 እና በ140 ዲግሪ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ መልሱ በእነዚህ መካከል መሆን፣ ከ70 ዲግሪም ይልቅ ወደ 140 መቅረብ አለበት። 121.3 ይህን ያሟላል። -58.7 ግን ከሁለቱ ሽቦዎች ውጭ ነው፤ ሁለት ሰዎች ወደ ሰሜን በኩል እየጎተቱት ወደ ደቡብ የሚሄድ ነገር እንደማለት ነው። ጥርጣሬ ካለዎት በማስመሪያና በፕሮትራክተር ይሣሉት፤ 200 ኒውተንን በ1 ሴንቲ ሜትር ቢወክሉ መጀመሪያ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከእሱ ጫፍ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር በ140 ዲግሪ ያሰምራሉ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ጫፍ ያለው መስመር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ላይና ወደ ግራ ያመለክታል።

ከሥዕሉ በቀር እነዚህ ማረጋገጫዎች የማይይዙት አንድ ስህተት ስላለ እግረ መንገዴን ልጥቀሰው። ካልኩሌተሩ በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ተደርጎ ከሆነ የ140 ኮሳይን -0.766 መሆኑ ቀርቶ -0.198 ይላል፤ ውጤቱም 1594 ኒውተን፣ ማዕዘኑም ወደ ዲግሪ ሲለወጥ 79.8 ይሆናል። ይህ መልስ ከ1000 እስከ 2200 ባለው ክልል ውስጥ ነው፣ በሽቦዎቹም መካከል ይውላል፣ ስለዚህ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። የሚያጋልጠው ከላይ የተናገርነው ሥዕል ወይም ሥራ ከመጀመር በፊት የ60 ዲግሪን ኮሳይን ጠይቆ 0.5 መምጣቱን ማየት ነው።

ካልኩሌተሮችና ኮምፒውተሮች የምልክቱን ችግር የሚፈቱበት መንገድ አላቸው። በብዙ የሳይንስ ካልኩሌተሮች ላይ ያለው `Pol` የሚለው ቁልፍ Rx እና Ry ለየብቻ ተቀብሎ መጠኑንም አቅጣጫውንም በትክክለኛው ሩብ ውስጥ ይሰጣል። በኮምፒውተር ደግሞ `atan2` የሚባለው ትእዛዝ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን የሁለቱ ቁጥሮች ቅደም ተከተል ከቦታ ቦታ ይለያያል። በፓይተን መጀመሪያ የሚገባው y ሲሆን በኤክሴል ግን x ነው።

```
math.degrees(math.atan2(1028.5, -625.7))
=DEGREES(ATAN2(-625.7, 1028.5))
```

ሁለቱም 121.3 ይሰጣሉ። ቅደም ተከተሉ ከተቀያየረ -31.3 ይመጣል፤ እሱም ከሽቦዎቹ ውጭ በመሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን መምህርዎ «ጥለኸዋል» ያሉትን በምሰሶው ላይ እንየው። ደጋፊ ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። በ121.3 ዲግሪ ላይ ተተክሎ ሲወጠር የሽቦዎቹን ስበት አይቃወምም፣ ያግዘዋል፤ በአግድም 1204 ኒውተን ያህል ቢወጠር ምሰሶው ወደ ሰሜን ምዕራብ 2408 ኒውተን ይሳባል። ምሰሶው ወደዚያ ዘንበል ማለት ሲጀምርም ገመዱ ይላላና ምንም የማይሠራ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ በመስመር ላይ የላላ ደጋፊ ገመድና ወደ ገመዱ ያዘነበለ ምሰሶ አንድ ላይ ሲታዩ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የገመዱ ጎን ነው። በ301.3 ዲግሪ ላይ ሲሆን ግን የገመዱ ኮምፖነንቶች ወደ ምሥራቅ 625.7፣ ወደ ደቡብ 1028.5 ይሆናሉ፤ በሁለቱም መስመር ድምሩ ዜሮ ይወጣል። ደጋፊ ገመድ ካሰሉ በኋላ የሦስቱንም ኃይሎች ኮምፖነንቶች ደምረው ዜሮ መምጣቱን ማየት ከሁሉም የሚበልጥ ማረጋገጫ ነው፤ እርስዎ ያደረጉት ቦታ -1251.4 እና 2057 ይሰጥ ነበር።

ስለ ቦታው ከተነሣ፣ በሥራ ላይ የተለመደ አንድ አካሄድ አለ፤ በመታጠፊያ ላይ የሁለቱን ሽቦዎች ማዕዘን በዓይን እኩል ከፍሎ ደጋፊውን በዚያ መስመር ተቃራኒ መትከል ነው። ይህ ትክክል የሚሆነው የሁለቱ ሽቦዎች ውጥረት እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱም በ1600 ኒውተን ቢስቡ ኖሮ ውጤቱ በ70 ዲግሪ ላይ 1094 ኒውተን ያህል ይሆን ነበር፣ ዓይንም ባልተሳሳተ ነበር። በእርስዎ ምሰሶ ግን አንዱ ሽቦ ቀጭን በመሆኑም ይሁን ርቀቱ አጭር በመሆኑ ውጥረታቸው የተለያየ ነው፤ እውነተኛው አቅጣጫ ከእኩሌታው መስመር በ51 ዲግሪ ይርቃል። በእኩሌታው የተተከለ ገመድ ምሰሶውን ከመውደቅ ቢያዘገየውም ወደ ጎን የሚቀረውን ስበት ምሰሶው በራሱ ጥንካሬ እንዲሸከም ይገደዳል።

በመጨረሻ የቀረው ገመዱ ራሱ ስንት ኒውተን እንደሚሸከም ነው፤ ምክንያቱም 1204 የአግድሙ ክፍል ብቻ ነው። ገመዱ ከምሰሶው አናት ወደ መሬት ዘቅዝቆ ስለሚወርድ የራሱ ውጥረት ሁለት ኮምፖነንቶች አሉት፤ አግድሙ ሽቦዎቹን ይቃወማል፣ ቁልቁሉ ምሰሶውን ወደ መሬት ይጫነዋል። አግድሙ 1204 እንዲሆን ከተፈለገ ይህንን ቁጥር ገመዱ ከመሬት ጋር በሚሠራው ማዕዘን ኮሳይን ማካፈል ነው። ገመዱ ከመሬት 45 ዲግሪ ከሆነ ውጥረቱ 1700 ኒውተን ገደማ ነው። ቦታ ጠቦ ወደ ምሰሶው ተጠግቶ በ60 ዲግሪ ከተተከለ ግን ወደ 2400 ገደማ ይደርሳል፣ በምሰሶው ላይ የሚያርፈውም ቁልቁል ጭነት 2085 ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ሁለቱ ሽቦዎችና ደጋፊው ገመድ በምሰሶው ላይ በአንድ ከፍታ እንደታሰሩ በመቁጠር ነው። ገመዱ ከሽቦዎቹ ዝቅ ብሎ ከታሰረ የኮምፖነንቶቹ ድምር ዜሮ ቢሆንም እንኳ ምሰሶው በገመዱ መታሰሪያ ላይ የመታጠፍ ኃይል ይደርስበታል፤ ያንን የሚያሳየው የኃይሎች ድምር ሳይሆን እያንዳንዱን ኃይል ከመሬት ባለው ከፍታ አባዝቶ የሚሠራው የሞመንት ስሌት ነው። እንደዚሁም ሽቦ በብርድ ሌሊት ስለሚኮማተር ውጥረቱ ከቀኑ ይበልጣል፣ ንፋስም ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ለመልመጃው 1204 ብለው ቢመልሱም ገመድ ለመምረጥ ሲሆን 600 እና 1600 የሚሉት ቁጥሮች በየትኛው የሙቀት መጠን የተወሰዱ እንደሆኑ አስቀድመው ይጠይቁ።